ከብድሩ ይቀነስ ወይስ እቁብ ይጣልበት?



ብድር ባለበት ቤት ደመወዝ በወጣ ሰሞን የሚነሳ ክርክር አለ። የወሩ ወጪ ተሸፍኖ፣ የባንኩም ክፍያ ተቆርጦ ጥቂት ገንዘብ ይተርፋል። አንዱ «ጨምረን እንክፈልና ከዚህ ዕዳ ቶሎ እንገላገል» ይላል። ሌላው «እቁብ እንግባበት፤ አንድ ቀን ጠርቀም ያለ ገንዘብ እጃችን ይገባል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ብዙ ጊዜ ግን ክርክሩ የሚያልቀው በስሜት ነው፤ ዕዳ የሚያስጨንቀው ወደ ባንኩ፣ ወዳጅ የሚወደው ወደ እቁቡ ያዘነብላል። እኔ ዛሬ ጉዳዩን በብር ቆጥሬ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት። ሲቆጠር የሚወጣው መልስ ብዙዎቻችን ከምንጠብቀው የተለየ ነው።

ስሌቱ ባዶ እንዳይሆን አንዲት ነርስ እናስብ። ቤቷን ለማደስ ከባንክ ተበድራለች። ቀሪ ዕዳዋ 180,000 ብር ነው፤ የቀራት ጊዜ ሦስት ዓመት፣ ማለትም 36 ወር ነው። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ በወር ሲሰላ አንድ ተኩል በመቶ ይሆናል። በየወሩ እኩል የምትከፍለው 6,507 ብር ነው። ከዚህ ሌላ በወር 3,000 ብር ማትረፍ ትችላለች። ጥያቄው ይህ 3,000 ብር የት ይግባ ነው።

በመጀመሪያ ባንኩ ይህን 6,507 ብር እንዴት እንደሚከፋፍለው እንይ። በመጀመሪያው ወር የ180,000 ብር አንድ ተኩል በመቶ፣ ማለትም 2,700 ብር ለወለድ ይሄዳል። የቀረው 3,807 ብር ብቻ ዋናውን ገንዘብ ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር ዕዳው ስላነሰ ወለዱም ጥቂት ያንሳል፤ ወደ ዋናው ገንዘብ የሚሄደው ደግሞ ጥቂት ይጨምራል። በዚህ መንገድ 36 ወር ብትከፍል በጠቅላላው ወደ 54,300 ብር ወለድ ትከፍላለች።

አሁን በዚያች በመጀመሪያዋ ወር 3,000 ብር ብትጨምርስ? የጨመረችው በሙሉ ከዋናው ገንዘብ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በየወሩ በዚያ 3,000 ብር ላይ ይታሰብ የነበረው 45 ብር ወለድ አይታሰብም። 45 ብር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ብድሩ እስኪዘጋ ድረስ በየወሩ ትቀራለች። በሁለተኛው ወር ሌላ 3,000 ብር ሲጨመር ሌላ 45 ብር ይቀራል። ነርሷ ይህን ሳታቋርጥ ብታደርግ ብድሯ በ36 ወር ፋንታ በ23 ወር ይዘጋል። የምትከፍለውም ወለድ ወደ 33,300 ብር ይወርዳል። 21,000 ብር ገደማ በእጇ ቀረ፤ ዓመት ከአንድ ወርም ቀድማ ከዕዳ ነጻ ሆነች ማለት ነው።

ስለዚህ ትርፍ ገንዘብን ወደ ብድር መጨመር በዓመት 18 በመቶ የሚያተርፍ ያህል ነው። ከተራ የቁጠባ ደብተር ጋር ብናወዳድረው ልዩነቱ ሰፊ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። በ7 በመቶ የተቀመጠ 3,000 ብር በወር የሚያስገኘው 17 ብር ተኩል ነው፤ ከብድር ላይ ሲቀነስ ግን 45 ብር ያስቀራል። በ18 በመቶ እየከፈሉ በ7 በመቶ መቆጠብ በየወሩ የሚያከስር ሥራ ነው። የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል የሆነ ሰውም ይህንኑ ስሌት ማየት አለበት። ልዩነቱ ማኅበሩ በቆጠቡት ልክ ተባዝቶ ሌላ ብድር የሚሰጥ መሆኑ ነው። በቅርቡ ከማኅበሩ በአነስተኛ ወለድ የመበደር ቁርጥ ያለ ዕቅድ ያለው ሰው እዚያ ቢቆጥብ ምክንያት አለው። ዕቅዱ ከሌለው ምክንያቱም የለም።

እቁብ ግን ከቁጠባ ደብተር ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። እቁብ ወለድ አይከፍልም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ወለድ ከሌለው ከባንኩ ጋር መወዳደር አይችልም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ስህተት ነው። ለምን ስህተት እንደሆነ ማስረዳት የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው።

ነርሷ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት፣ በወር 3,000 ብር የሚጣልበት እቁብ ገባች እንበል። በየወሩ የሚሰበሰበው 36,000 ብር ነው። ዕጣው በወጣላት ዕለት 36,000ውን ሳትነካ ወስዳ ከብድሩ ዋና ገንዘብ ላይ ታስቀንሳለች። ይህን ከመጀመሪያው መንገድ፣ በየወሩ 3,000 ብር በቀጥታ ወደ ባንክ ከማስገባት ጋር በዓመቱ መጨረሻ እናወዳድር።

በየወሩ በቀጥታ ብትከፍል የዓመቱ 36,000 ብር ካስቀረችው ወለድ ጋር ዕዳዋን በ39,124 ብር ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። በእቁቡ መንገድ ዕጣው በመጀመሪያው ወር ቢወጣላት 36,000ው ለአሥራ አንድ ወር ወለድ ሲያስቀር ይከርማል፤ በዓመቱ መጨረሻ ዕዳዋ በ42,406 ብር ዝቅ ብሎ ታገኘዋለች። በቀጥታ ከመክፈል 3,282 ብር በለጠች። ዕጣው በመጨረሻው ወር ቢወጣላት ግን ያስቀረችው ወለድ የለም፤ ዕዳዋ የሚቀንሰው በ36,000 ብር ብቻ ነው። 3,124 ብር ጎደለባት። በስድስተኛው ወር ቢደርሳት በ240 ብር ትበልጣለች፤ በሰባተኛው ቢደርሳት በ342 ብር ታንሳለች። ወሰኑ እዚያ ላይ ነው። በፊተኞቹ ስድስት ወራት የደረሰው ሰው ይጠቀማል፤ በኋለኞቹ ስድስት የደረሰው ይጎዳል።

ዕጣው ለሁሉም እኩል ዕድል የሚሰጥ ከሆነ የአሥራ ሁለቱ ወራት አማካይ ስንት ይመስላችኋል? 39,124 ብር ነው። በቀጥታ ከመክፈል ጋር አንድ ሳንቲም አይለያይም። ምክንያቱን ለማየት አሥራ ሁለቱም እቁብተኞች አንድ ዓይነት ብድር አለባቸው ብለን እናስብ። ሁሉም በየግላቸው ቢከፍሉ በየወሩ ከአሥራ ሁለቱም ኪስ 36,000 ብር ወደ ባንክ ይገባል። በእቁብ ቢሄዱም በየወሩ ያው 36,000 ብር ይገባል፤ የሚለየው በማን ስም መግባቱ ብቻ ነው። ባንኩ ከአሥራ ሁለቱ የሚያገኘው ጠቅላላ ወለድ አይለወጥም። የፊተኛው እቁብተኛ ያተረፈው የኋለኛው ያጣውን ነው። እቁብ ወለድ የሌለው በመሆኑ ኋላ የሚደርሰው ፊተኛውን ያለ ወለድ ያበድረዋል።

እንግዲህ ክርክሩ ይህን ይመስላል። ሐቀኛ ዕጣ ባለበት እቁብ፣ የደረሰው ገንዘብ በዕለቱ ወደ ብድሩ ከገባ፣ ሁለቱ መንገዶች በአማካይ እኩል ናቸው። መልሱን የሚወስኑት ከስሌቱ ውጭ ያሉ አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ነገር የብድሩ ዓይነት ነው። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ለሚሰላ ብድር ነው። በመጀመሪያው ብድር ላይ ቋሚ ሆኖ የሚሰላ ወለድም አለ። 180,000 ብር በዚህ ዓይነት በ18 በመቶ ለሦስት ዓመት ቢወሰድ ወለዱ 97,200 ብር ይሆናል፤ ወርሃዊ ክፍያውም 7,700 ብር ነው። ስሙ ያው 18 በመቶ ሆኖ የወለዱ ሸክም እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። በእንዲህ ያለ ብድር ላይ አስቀድሞ መክፈል የሚጠቅመው አበዳሪው ያልደረሰውን ወለድ እንደሚቀንስ በውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ካልተጻፈ አስቀድማችሁ የምትሰጡት ገንዘብ ምንም አያስቀርላችሁም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ እቁቡ ያለ ክርክር ያሸንፋል። በወለድ አልባ ባንክ በሙራባሃ ዕቃ የገዛችሁም ይህን ልብ በሉ። የባንኩ ትርፍ ገና ሲጀመር በዋጋው ውስጥ ተቆርጦ ገብቷል፤ አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእናንተ ብድር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የክፍያ ሰሌዳውን ተመልከቱ። የወለዱ ዓምድ ከወር ወደ ወር እየወረደ የሚሄድ ከሆነ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው የሚሰላው። ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ከሆነ ቋሚ ነው።

ሁለተኛው ነገር የከፈላችሁት ገንዘብ በእርግጥ ዋናውን ገንዘብ መቀነሱ ነው። ብዙ ሰው ትርፍ ገንዘብ ወደ ሂሳቡ ያስገባና ዕዳዬ ቀነሰ ብሎ ያርፋል። ገንዘቡ ግን ሂሳቡ ውስጥ ተቀምጦ የቀጣዮቹን ወራት ክፍያ ሊጠብቅ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ወለዱ እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዳችሁ ገንዘቡ ከዋናው ገንዘብ እንዲቀነስ በጽሑፍ አመልክቱ። ወርሃዊ ክፍያው ባለበት ሆኖ የብድሩ ጊዜ እንዲያጥር ጠይቁ፤ ክፍያው ዝቅ ብሎ ጊዜው ባለበት ቢቀጥል የሚቀረው ወለድ ያንሳል። አስቀድሞ ለመክፈል የሚጠየቅ ቅጣት በውሉ ላይ መኖሩንም እዩ፤ ካለ ከምታስቀሩት ወለድ ላይ ቀንሱት። ከዚያ አዲስ የክፍያ ሰሌዳ ተቀበሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ነርሷ 36,000 ብር ካስቀነሰች የሚቀጥለው ወር ወለዷ ካለፈው ሰሌዳ በ540 ብር ማነስ አለበት። ካላነሰ ገንዘቡ የት እንደገባ ትጠይቅ።

በዚህ ረገድ እቁብ አንድ ጥቅም አለው። በየወሩ 3,000 ብር ይዞ ማመልከቻ ከመጻፍ ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ 36,000 ብር ይዞ መሄድ ይቀላል፤ አንዳንድ አበዳሪም ትንንሽ የቅድሚያ ክፍያ በየወሩ ማስተናገድ አይወድም።

ሦስተኛው ነገር የእቁቡ ጤንነት ነው። አማካዩ እኩል ነው ያልኩት ሁሉም እስከ መጨረሻው ሲጥሉ ነው። ዕጣው የወጣላቸው ሁለት ሰዎች መጣል ቢያቆሙ የሚሰበሰበው ከ36,000 ወደ 30,000 ብር ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው 6,000 ብር ያጣል። ይህ ደግሞ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ሊያተርፍ ከሚችለው 3,282 ብር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ባንክ ውስጥ ከዕዳችሁ ላይ የቀነሳችሁትን ገንዘብ ግን ማንም ይዞት አይጠፋም። ስለዚህ እቁብ ከመግባታችሁ በፊት ዕጣው የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ አስፈርሞ መሆኑን አረጋግጡ። ጸሐፊው በየወሩ የሚመዘግብበትን መዝገብ ጠይቃችሁ እዩ። ዕጣው በአባላት ፊት የሚወጣ መሆኑን፣ ዳኛው በአገልግሎቱ የሚወስደው ድርሻ ካለም ስንት እንደሆነ እወቁ። ዳኛው ከደረሰው ሰው ላይ 2 በመቶ ቢወስድ ለነርሷ 720 ብር ነው፤ በስድስተኛው ወር ይደርሳታል ያልነውን 240 ብር ጥቅም አጥፍቶ ዕዳ ይጥልባታል።

እዚህ ላይ ዕጣ ስለመግዛት አንድ ቃል ልበል። ቸኩሎ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ከደረሰው ሰው ላይ ዕጣውን በጭማሪ መግዛቱ የተለመደ ነው። ነርሷ በመጀመሪያው ወር የሌላ ሰው ዕጣ ገዝታ ብድሯን ልትቀንስ ብትፈልግ ጭማሪው ከ2,800 ብር ገደማ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከከፈለች በየወሩ 3,000 ብር በቀጥታ ወደ ባንክ ብታስገባ ይሻላታል።

አራተኛው ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ እሱም ራሳችን ነን። እስካሁን ያወዳደርናቸው የዕጣ ልዩነቶች በዓመት ከሦስት ሺህ ብር ብዙም አይርቁም። አሁን ግን ይህን አስቡ። ነርሷ በየወሩ 3,000 ብር ወደ ባንክ እጨምራለሁ ብላ ጀመረች። በመስከረም የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መጣ፤ በጥር ሠርግ ተጠራች፤ በሚያዝያ የበዓል ወጪ ሆነ። ማንም አያስገድዳትምና አምስት ወር ዘለለች። በዓመቱ ያስገባችው 36,000 ሳይሆን 21,000 ብር ብቻ ነው። 15,000 ብር ጎደለ። መጥፎ ዕጣ ሊያጎድልባት ይችል የነበረው 3,124 ብር ነበር። እቁብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ይጠይቃታል፤ ጎረቤቷ ያያታል፤ ስትጥል የቆየችውን ትታ መውጣትም አትችልም። የእቁብ ትልቁ ዋጋ ይህ ግዴታ ነው፤ ወለድ ባይከፍልም የሚዘለለውን ወር ያስቀራል።

በሌላ በኩል እቁብ የራሱ ፈተና አለው። 36,000 ብር በአንድ ቀን እጅ ላይ ሲወድቅ ብዙ ነገር ያስመኛል። አዲስ ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ የዘመድ ብድር ጥያቄ፣ ሁሉም በዚያው ቀን ይመጣል። ገንዘቡ ወደ ብድሩ ካልገባ ስሌታችን በሙሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ራሳችሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። «ሳያስገድዱኝ አሥራ ሁለት ወር ሳላቋርጥ መክፈል እችላለሁ?» እና «36,000 ብር ይዤ ቀጥታ ባንክ መሄድ እችላለሁ?» ለመጀመሪያው አዎ የሚል በቀጥታ ይክፈል፤ በተለይ ባንኩ ከደመወዙ ላይ በየወሩ እንዲቆርጥለት ቋሚ ትዕዛዝ ቢሰጥ ይበጀዋል። ለሁለተኛው ብቻ አዎ የሚል እቁብ ይግባ።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ። «የዋጋ ንረቱ ዕዳውን ይበላዋል፤ ለምን ቶሎ እከፍላለሁ?» የሚል ነው። እውነትነት አለው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ በ18 በመቶ የተበደረ ሰው በእውነተኛ ዋጋ ሲታይ ተጠቅሟል። ነገር ግን ንረቱ የባንኩን ገንዘብ ብቻ መርጦ አይበላም፤ እቁብ ውስጥ ተራውን የሚጠብቀውንም ይበላዋል። ስለዚህ ከብድር ቅነሳና ከእቁብ ለመምረጥ ንረቱ ምንም አይጨምርም። የሚጨምረው ገንዘቡ ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ነው። ነርሷ በእርግጥ የምትፈልገው ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ ካለ፣ ዋጋውም በዓመት ከ18 በመቶ በላይ እንደሚጨምር በቂ ምክንያት ካላት፣ ብድሩን ከመቀነስ ይልቅ ዕቃውን አስቀድሞ መግዛት ያዋጣታል። ለዚህ ግን ዕቃው የግድ የሚያስፈልግ መሆን አለበት፤ ቆርቆሮ ብሎ ጀምሮ ሶፋ ላይ የሚያበቃ ዕቅድ ንረትን አያሸንፍም።

ከሁለቱም በፊት የሚቀድም አንድ ነገር ስላለ እሱን ልናገር። ከብድር ላይ የቀነሳችሁት ገንዘብ ተመልሶ አይወጣም። ጊዜው እንዲያጥር ስለጠየቃችሁም የሚቀጥለው ወር 6,507 ብር ሙሉ ለሙሉ ይጠበቅባችኋል፤ «ባለፈው ዓመት 36,000 ብር አስቀድሜ ከፍያለሁ» ማለት አንድ ወር እንኳ አያሳልፍም። እቁብም ዕጣው እስኪወጣ ድረስ በችግር ቀን አይደርስም፤ ዳኛውና አባላቱ ተስማምተው ካላስቀደሟችሁ በቀር። ሁለቱም መንገድ እጅ ላይ ያለውን ገንዘብ ያስራሉ። ስለዚህ ነርሷ መጀመሪያ ቢያንስ የሁለት ወር የብድር ክፍያ፣ ማለትም 13,000 ብር ገደማ፣ በፈለገችው ጊዜ ልታወጣው በምትችል ደብተር ታስቀምጥ። ይህን ለመሙላት በወር 3,000 ብር አምስት ወር አይሞላም። በ7 በመቶ መቀመጡ ጥቂት ያከስራታል፤ ያንን ኪሳራ ግን እንደ መድን ትቁጠረው። ሕመም ወይም የደመወዝ መዘግየት ቢመጣ ከጎረቤት በከባድ ወለድ ከመበደር ያድናታል።

ወዳጆቼ፣ ነርሷ ዛሬ ከእኔ ምክር ብትጠይቅ የምመክራት ይህን ነው። መጠባበቂያዋን ትሙላ። የክፍያ ሰሌዳዋን አውጥታ የወለዱ ዓምድ እየወረደ የሚሄድ መሆኑን ትይ። እየወረደ ከሆነ፣ ባንኩ ትርፍ ክፍያን ያለ ቅጣት ከዋናው ገንዘብ የሚቀንስላት ከሆነ፣ በየወሩ ከደመወዟ ላይ 3,000 ብር እንዲቆረጥ ትዘዝ። ይህ መንገድ ዕጣም፣ ዋስም፣ ዳኛም አይፈልግም፤ የሚያስቀረውም ወለድ የተረጋገጠ ነው። ባንኩ በየወሩ አልቀበልም ካለ፣ ወይም እሷ ራሷን ስለምታውቅ ወር እዘላለሁ ብላ ከፈራች፣ ዋስ የሚጠራና መዝገብ የሚይዝ የሥራ ባልደረቦቿን እቁብ ትግባ። እቁቡ ሲወጣላት ገንዘቡ የት እንደሚገባ ለባለቤቷም ለእቁቡ ጸሐፊም አስቀድማ ትንገራቸው። ወለዱ ቋሚ ከሆነና ቅናሽ ከሌለው ደግሞ ብድሩን በጊዜው ብቻ ትክፈል፤ ትርፉን እቁብ ውስጥ ታስገባ።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የብድር ውላችሁን ከተቀመጠበት አውጡትና ሁለት ነገር ፈልጉበት፦ ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ፣ አስቀድሞ ለሚከፍልም ምን እንደሚል። ሁለቱን ካገኛችሁ በቤታችሁ የሚነሳውን ክርክር የሚፈርደው ቁጥሩ ነው።